«በናፍቆት ታምሜያለሁ» ብላ ነው እንዴ የጻፈችው?

ጥያቄ፦ «ጓደኛዬ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ከሄደች ስምንት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ መልእክት ላከችልኝና ‹ለእማዬም አንብቢላት› አለችኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ እንዳይቀዘቅዝ ብዬ አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ሞቅ አደረግኩት። ሳነብላቸው ግን እናቷ ‹ልጄን ምን አገኛት? ታማ ነው አይደል?› ብለው አለቀሱ። መልእክቱ እንደዛ አልነበረም። ለስለስ ያለ፣ እንደውም የሚያስቅ ነገር ያለበት ነው። ምኑ ላይ ነው ያበላሸሁት? ጓደኛዬን አስፈቅጄ መልእክቱንም የእኔንም ትርጉም ልኬልሃለሁ።» ከሐዋሳ

እናቷ የሰሙት በትክክል ነው። ያነበብሽላቸው አማርኛ ውስጥ እውነትም የታመመች፣ ቤቷ እሳት የተነሳባት፣ በሐሳብ የምትብሰለሰል ልጅ አለች። እንግሊዝኛው ውስጥ ግን ይቺ ልጅ የለችም። ስለዚህ «እናትየው ስለሚሳሱላት ነው» የሚለውን ሰበብ ከወዲሁ እንተወው። ያንቺን ትርጉም እንዳለ ላስቀምጠውና አብረን እንየው።

«ሰላም አንቺ። እዚህ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ እንደገና በረዶ እየጣለ ነው፣ እኔም ያለ ምንም ምክንያት ስለ ሐይቁ ዓሳ እያሰብኩ ነው። በእውነት ደህና ነኝ። ትንሽ በአገር ናፍቆት ታምሜያለሁ። ጫጫታው ይጎድለኛል። እናንተ በጣም በጣም ትጎድሉኛላችሁ። ዛሬ ቡና ስቆላ የእሳት አደጋ ደወል ጮኸ፣ ስቄ ስቄ አለቀስኩ። አንዳንዴ አገር ቤት የሌላ ሰው ሕይወት ይመስለኛል። ለማንኛውም አትጨነቁ። ለእናቴ እየበላሁ ነው በያት። ራሳችሁን ጠብቁ። ከልቤ እወዳችኋለሁ።»

ዋናው ጥፋት «ታምሜያለሁ» ላይ ነው። ጓደኛሽ የጻፈችው «ሆምሲክ» የሚለውን ቃል ነው። ቃሉን ለሁለት ብትከፍይው እውነትም ግማሹ «ቤት»፣ ግማሹ «ሕመም» ነው። ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሲጠቀምበት ሕመሙን አይሰማውም፣ እኛ «ሆደ ሰፊ» ስንል ስለ ሆድ መጠን እንደማናስበው ማለት ነው። (በነገራችን ላይ አውሮፓውያንም አንድ ጊዜ እንዳንቺ ቃል በቃል ወስደውት ነበር። «ኖስታልጂያ» የሚለውን ቃል ዮሐንስ ሆፈር የሚባል ሰው በ1688፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ ለሕክምና ትምህርቱ በጻፈው ጽሑፍ የፈጠረው የበሽታ ስም እንዲሆን ብሎ ነው። የአገር ናፍቆት ያኔ ሐኪም የሚያክመው ነገር ነበር።) ለአንዲት የሐዋሳ እናት ግን ባሕር ማዶ ካለች ልጅ «ታምሜያለሁ» የሚል ቃል ከመጣ፣ ከፊቱ ያለውን «ትንሽ በአገር ናፍቆት» ማን ይሰማዋል? ጆሮ ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ቃል ነው።

ታዲያ ምን እንበል? አማርኛ ለዚህ ስሜት ቃል ሞልቶታል፣ ችግሩ ሁሉም ለስለስ ያሉ አለመሆናቸው ነው። «ሆድ ባሰኝ» ካልሽ ከናፍቆቱ ጋር ቅሬታ አብሮ ይመጣል። ሆድ የሚብሰው የተከፋ ሰው፣ የሚጠይቀው ያጣ ሰው ነው፤ እናትየው «ማን አስቀየማት?» ይላሉ። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ያምራል፣ ቅሬታም የለበትም፣ ግን ከጻፈችው አንድ ደረጃ ይከብዳል። «ባይተዋር ሆንኩ» ደግሞ አጠገቤ ሰው የለኝም ማለት ነው፤ እሷ እንደዛ አላለችም። እኔ የምመርጠው ቃሉን ደገም ማድረግ ነው፦ «ትንሽ አገሬ አገሬ እያለኝ ነው»። «እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ» ስትዪ ጭልጥ ብዬ ልተኛ ነው ማለትሽ አይደለም፣ ጫር ጫር እያደረገኝ ነው ማለትሽ ነው። «አገሬ አገሬ» ሲባልም ያው ነው። ይመጣል፣ ይነካካል፣ ይሄዳል። የእንግሊዝኛው «ትንሽ» የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ «ይጎድለኛል»። ይህ አማርኛ አይደለም፣ የአማርኛ ልብስ የለበሰ እንግሊዝኛ ነው። እነሱ «አይ ሚስ ዩ» ሲሉ ድርጊቱን የሚያደርገው ናፋቂው ነው። እኛ ጋ ተገልብጦ ነው የሚሄደው። «ናፍቀሽኛል» ስልሽ የግሡ ባለቤት አንቺ ነሽ፤ የምትመጪው አንቺ፣ የሚደርስብኝ እኔ። ይህን አብዛኛው ሰው ሳያውቀው በትክክል ይጠቀምበታል። የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። እንግሊዝኛው አንድ መልክ ብቻ ነው ያለው፣ አማርኛው ግን ሦስት ይሰጥሽና ምረጪ ይልሻል። «ይናፍቀኛል» ካልሽ ሁልጊዜ፣ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር የሚሆን ነገር ነው፤ ትንሽ የቆየ፣ የተለማመዱት ናፍቆት። «ናፍቆኛል» ካልሽ አሁን ያለሁበት ሁኔታ ነው፤ ሰንብቷል፣ አልለቀቀኝም። «ናፈቀኝ» ካልሽ ግን አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ መስኮት ላይ ቆሜ መጣብኝ ማለት ነው። ጓደኛሽ ስለ ጫጫታው ስታወራ ድንገት የመጣ ነገር ነው፣ ስለዚህ «ጫጫታው ራሱ ናፈቀኝ»። «ራሱ» የምትለዋ ቃል ፈገግታዋን ትይዝልሻለች፤ ማን ጫጫታ ይናፍቃል? የፒያሳ ባጃጅ ጥሩምባ ይናፍቃል እንዴ? ስለ እናንተ ስታወራ ግን «ናፍቃችሁኛል»፤ ይህኛው የሰነበተ ነው። «በጣም በጣም» የሚባል ነገር መልእክቷ ውስጥ የለም፣ አንቺ ነሽ የጨመርሽው። እሱን እመለስበታለሁ።

«እያሰብኩ ነው» የሚለው ደግሞ በጣም ተንኮለኛ ነው። አማርኛ ላይ ማሰብ ሁለት ነገር ነው። «አታስብ» ስንል «አእምሮህን አትጠቀም» ማለታችን አይደለም፣ «አትጨነቅ» ማለታችን ነው። አንዲት ልጅ ሰው አገር ሆና «እያሰብኩ ነው» ብላ ከላከች ለእናቷ ሐሳብ ገብቷታል ማለት ነው፣ በዓሳም ይሁን በሌላ። እሷ የጻፈችው ግን ዓሳው ሳትጠራው ከፊቷ ድቅን አለ ነው። ለዚህ «ትዝ አለኝ» የሚባል የተዘጋጀ ቃል አለን። «ያለ ምንም ምክንያት» የሚለውንም «ሳላስበው» ብትይው ይበቃል። ሌላም አለ፤ «የሐይቁ ዓሳ» ስትዪ የሚዋኘውን ነው የምታስመስዪው። እሷ የምታወራው አብራችሁ የምትበሉትን ነው፤ ስለዚህ «ሐይቅ ዳር የምንበላው ዓሳ»። አሞራ ገደል መሆኑን እርግጠኛ ከሆንሽ «አሞራ ገደል የምንበላው» በይ፣ እንግሊዝኛ ስለሆነባት ነው እንጂ እሷም እንደዛ ነበር የምትለው። እርግጠኛ ካልሆንሽ ግን አትገምቺ። ፍቅር ሐይቅ ሲሆን አሞራ ገደል ብለሽ ጽፈሽ ከተገኘሽ የናፍቆት መልእክት ውስጥ ከዚህ የባሰ ስሕተት የለም።

ደወሉ ላይ ስደርስ እኔም ሳቅ አመለጠኝ። እዚያ አገር በየቤቱ ጣሪያ ላይ የምትለጠፍ፣ ጭስ ሲሸታት የምትጮህ ትንሽ ክብ ዕቃ አለች። አበሻ ቡና በቆላ ቁጥር ትጮኻለች፣ የታወቀ ነው፤ መስኮት ከፍተሽ በፎጣ ታራግቢላታለሽ፣ ዝም ትላለች። አንቺ «የእሳት አደጋ ደወል» አልሽው። እናትየው ቤት እንደዚህ ያለ ዕቃ የለም፣ ስለዚህ የሰሙት «እሳት» እና «አደጋ» ነው፣ ከዚያ ተከትሎ ደግሞ «አለቀስኩ» መጣ። የማይታወቅ ዕቃ ሲገጥምሽ ስሙን አትፈልጊ፣ ሥራውን ተናገሪ፦ «ጭሱ ጣሪያው ላይ ያለችውን ደወል አስጮኻት»። «ስቄ ስቄ አለቀስኩ»ንም ቦታውን አዟዙሪው፣ «እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ»፣ ዓረፍተ ነገሩ ሳቅ ላይ ይለቅ። እንባው አልጠፋም፣ እዚያው አለ። ግን መድረሻው ሳቁ ነው፣ እሷም የጻፈችው በዚህ ቅደም ተከተል ባይሆንም ሚዛኑ እንደዛ ነው።

ሰዓቱን ቶሎ ልለፈው። የእነሱ «ቱ ኤ ኤም» የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት አይደለም፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። ስታስተካክዪው «ለምን አልተኛችም?» የሚል ጥያቄ ሊመጣብሽ ነው። ቢመጣም አትደብቂው። መልሱን የምታውቀው እሷ እንጂ አንቺ አይደለሽም። «እየበላሁ ነው» ደግሞ በሌሊት ሳህን ይዛ እንደተቀመጠች ያስመስላታል። «እበላለሁ» ነው የሚባለው።

አሁን «ሞቅ አደረግኩት» ወዳልሽው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ስሜት ያለው ጽሑፍ ሲተረጎም የሚቀዘቅዝ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛና በአማርኛ መካከል ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ጓደኛሽ የጻፈችው በሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። ሰው በሁለተኛ ቋንቋው የተናገረው ስሜት ለራሱ ቀዝቀዝ ብሎ እንደሚሰማው ተመራማሪዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው፤ ብዙ ስደተኛም ሳያውቀው ይጠቀምበታል፣ በአማርኛ ቢጽፈው የሚያንቀውን ነገር በእንግሊዝኛ ይወጣለታል። አማርኛው ግን የልጅነት ቋንቋዋ ነው፣ የእናቷም ቋንቋ ነው። ያንኑ ቃል ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ብታመጪው እንኳ በራሱ ይከብዳል። እሱ ላይ «በጣም በጣም» እና «ከልቤ» ሲደመር የስንብት ደብዳቤ ሆነ። «በእውነት ደህና ነኝ»ም ከዚሁ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ቀለል ያለች ማጣፈጫ ነበረች፣ አማርኛ ላይ ግን ያልተጠየቀ መሐላ ትሆናለች፣ ሳይጠይቁት የሚምል ሰው ደግሞ ያጠራጥራል። «ደህና ነኝ እኮ» በያት፣ አለቀ። «እኮ» ትከሻ እንደ መነቅነቅ ናት። «ለማንኛውም»ንም በ«ብቻ…» ለውጪው። «ለማንኛውም» የስብሰባ ቃል ነው፣ «ብቻ…» ግን ትንፋሽ አለው።

«ራሳችሁን ጠብቁ» ላይ ልፈርድብሽ አልችልም፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። ትርጉም በጀመርኩ ሰሞን አንድ ልጅ ለአባቱ የላከውን ደብዳቤ መጨረሻ «ተጠንቀቁ» ብዬ አስቀመጥኩት። ሽማግሌው ደብዳቤውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ከማን ነው የምንጠነቀቀው?» አሉኝ። ልጁ የፈለገው «ደህና ሁኑልኝ» ነበር። ከዚያ ወዲህ የደብዳቤ ማብቂያ ላይ ስደርስ የምፈልገው «‑ልኝ»ን ነው። ደህና ሁኑልኝ፣ ኑሩልኝ፣ ሳሚልኝ። ያቺ ትንሽ ጭራ እንግሊዝኛው በአንድ ሙሉ ቃል የሚለፋበትን ፍቅር ትሸከምልሻለች።

ሁለት የሚያከራክሩ ቦታዎች ቀሩን። አንደኛው «አንቺ» እና «እርስዎ» ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም «ዩ» ነው፣ ማን ለማን እንደሚናገር አይታይም። መልእክቱ የተጻፈው ለአንቺ ነው፣ አንዳንዱ መስመር ደግሞ ለሁላችሁም። የላክሽው ላይ ይህን አላበላሸሽም፣ ግን እናትየው ዘንድ ስትቀመጪ በቃል ብዙ ነገር እያስተካከልሽ እንዳነበብሽ ጽፈሽልኛል፣ «ልጅዎ ‹እርስዎ ናፍቀውኛል› ትላለች» ማለትሽንም። አንቺ እሳቸውን «እርስዎ» ማለትሽ ወግ ነው። ልጃቸው ግን «አንቺ» እያለች ነው ያደገችው። በእሷ አፍ «እርስዎ» ሲመጣ እናት የሚሰማው አክብሮት አይደለም፣ ርቀት ነው፤ ስምንት ዓመት ልጄን ባዳ አደረጋት ነው የሚሉት። የእሷን ቃል ስታነቢ በእሷ አጠራር፣ «እማዬ፣ ናፍቀሽኛል» ብለሽ። ብታፍሪም።

ሁለተኛው ያቺ ከባድ መስመር ናት። «አገር ቤት የሌላ ሰው ሕይወት ይመስለኛል»። ቃሎቹ ስሕተት የለባቸውም፣ ግን እናት ጆሮ ላይ «ረስታናለች» ሆኖ ነው የሚያርፈው፤ እሷ ያለችው ደግሞ የመርሳትን ተቃራኒ ነው፣ እየራቀባት መሆኑ ገርሟት አዝና ነው። ብዙ ሞከርኩት። «ሕልም ይመስለኛል» ማለት ይቻል ነበር፣ ግን ሁሉም ሰው የሚለው ስለሆነ ምንም አይነካም፣ የእሷም ሐሳብ ይጠፋል፤ እሷ «ሌላ ሰው» ብላለች። በመጨረሻ የረካሁበት ይህ ነው፦ «አንዳንዴ የአዋሳው ነገር ሁሉ ሰው ያወራልኝ እንጂ እኔ የኖርኩት አይመስለኝም።» ሌላው ሰው አለ፣ ሐዘኑ አለ፣ ረሳሁ የሚል ግን የለም። ቢሆንም ክብደቱን ሙሉ በሙሉ ማንሳት አይቻልም፣ መነሳትም የለበትም። ይህ መስመር የመልእክቱ ልብ ነው። እሱን ቆርጠሽ የምትጥዪ ከሆነ ዓሳና በረዶ ብቻ ነው የሚቀረው።

ስለዚህ ሙሉው በእኔ እጅ ቢሆን እንዲህ ይመጣል፦

«አንቺ፣ እንዴት ነሽ? እዚህ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። በረዶው ደግሞ ጀምሮታል። ሳላስበው ሐይቅ ዳር የምንበላው ዓሳ ትዝ አለኝ። ደህና ነኝ እኮ። ትንሽ አገሬ አገሬ እያለኝ ነው እንጂ። ጫጫታው ራሱ ናፈቀኝ። እናንተም ናፍቃችሁኛል። ዛሬ ቡና ስቆላ ጭሱ ጣሪያው ላይ ያለችውን ደወል አስጮኻት፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። አንዳንዴ የአዋሳው ነገር ሁሉ ሰው ያወራልኝ እንጂ እኔ የኖርኩት አይመስለኝም። ብቻ… አታስቡ። እማዬን ‹ትበላለች› በያት። ደህና ሁኑልኝ። እወዳችኋለሁ።»

«እወዳችኋለሁ»ን ተውኩት፣ «ከልቤ»ዋን ብቻ ነው ያወጣሁት። አንዳንድ ተርጓሚ «በእኛ ባህል እንዲህ አይባልም» ብሎ ይሰርዘዋል፣ እኔ ግን አልስማማም። ጽፋዋለች። ከአንድ ቃል አትበልጥም፣ ትቀመጥ።

ትርጉምሽ ልኩን መያዙን የምታውቂበት ቀላል መንገድ ልንገርሽ። መልእክቱን ለማያውቅ አንድ ሰው ድምፅሽን ሳታሳዝኚ አንብቢለትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ «ምን ሆና ነው?» «ናፍቋት ነው» ካለ ተሳክቶልሻል። «ታማለች»፣ «ተጣልታለች» ወይም «ልትመለስ ነው» ካለ የሆነ ቃል ከብዷል፣ የቱ እንደሆነም ራሱ ይነግርሻል፤ ሰው ሁልጊዜ የነካውን ቃል ነው ደግሞ የሚጠራው። ድምፅ ማሳዘን ግን አይፈቀድም። ብዙ ጊዜ ቃሉ ልክ ሆኖ አንባቢው ነው የሚያስለቅሰው።

አሁን እናትየው ጋ ያለውን ጉዳይ በተመለከተ ምክሬ አንድ ነው። ለጓደኛሽ ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ደውዪላት፣ በረዶ እየጣለ ከሆነ እዚያ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ያቺን የ«ሌላ ሰው» መስመር ለእናቷ እንዲነበብ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት። «ለእማዬም አንብቢላት» ስትል ምናልባት ያቺን አስባ ላይሆን ይችላል። አይሆንም ካለች ዝለያት፣ በሌላ ነገር ግን አትተኪያት። ይሁን ካለች እንዳለች አንብቢ። ከዚያ ጠዋት ቡና ላይ ሂጂና መጀመሪያ «እማማ፣ ‹ታምሜያለሁ› አላለችም፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» በያቸው። ወረቀቱን የምታወጪው ከዚያ በኋላ ነው። «ታምሜያለሁ»ን ሳታነሺ አዲሱን ብታነቢላቸው ለስለስ ያደረግሽላቸው ልትደብቋቸው ስለፈለጋችሁ ይመስላቸዋል፣ ያኔ ደግሞ የትኛውም አማርኛ አያሳምናቸውም።